የሲ ፕሮግራም ላብ ሪፖርት፦ የንድፍ ውሳኔዎችን፣ ሙከራዎችንና የሚታወቁ ስሕተቶችን የሚያስረዳው ክፍል አጻጻፍ

ይህ መመሪያ የሚመለከተው የላብ ሪፖርትን አንድ ክፍል ብቻ ነው። እሱም ፕሮግራሙ ለምን በዚህ መልክ እንደተሠራ፣ በምን እንደተፈተነና እስካሁን የማይሠራለት ነገር ምን እንደሆነ የሚገለጽበት ክፍል ነው። የተማሪዎችን ሪፖርት ሳርም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ችግር እነዚህ ሦስት ጉዳዮች እርስ በርሳቸው እንደማይተዋወቁ ሆነው መጻፋቸው ነው። በንድፍ ውሳኔው ሥር «ለስም ባለ 20 ባይት አሬይ ተጠቅመናል» ይባላል፤ በሙከራው ሥር አምስት አጫጭር ስሞች ይደረደራሉ፤ በስሕተቶቹ ሥር ደግሞ «ፕሮግራሙ ስም ሲረዝም አንዳንድ ጊዜ አይሠራም» የሚል አንድ መስመር ይቀመጣል። አንባቢው ስም «ረዘመ» የሚባለው ስንት ፊደል ሲሆን እንደሆነ፣ ሲረዝም ምን እንደሚፈጠርና ይህን ያመጣው የትኛው ውሳኔ እንደሆነ ከዚህ ጽሑፍ ሊያውቅ አይችልም።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተላለን። ፕሮግራሙ `marks.c` ይባላል። ከፋይል ላይ በየመስመሩ የተማሪ ስም፣ ኮማና ውጤት ያነባል፤ ተማሪዎቹን ከከፍተኛ ውጤት ወደ ዝቅተኛ ደርድሮ ያትማል፤ በመጨረሻም አማካዩን ያሳያል። ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሁለት ቁርጥራጮች እነዚህ ናቸው።

```c
struct student {
    char name[20];
    int  mark;
};
```

```c
while (fgets(line, sizeof line, fp) != NULL) {
    lineno++;
    if (sscanf(line, "%19[^,],%d", s.name, &s.mark) != 2) {
        fprintf(stderr, "line %d: bad record\n", lineno);
        continue;
    }
    /* ውጤቱ ከ0 እስከ 100 መሆኑ እዚህ ይፈተሻል */
    add(&list, &s);
}
```

ደረጃ 1፦ ስለ የትኛው ፕሮግራም እንደሚጽፉ ይወስኑ

ነገሩ ግልጽ ቢመስልም ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ሙከራውን ሰኞ ያካሂዳል፣ ማክሰኞ ኮዱን ያስተካክላል፣ ረቡዕ ሪፖርቱን ይጽፋል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ያለው ውጤት ግን የሰኞው ነው። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት የኮዱን አንድ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡና ከዚያ በኋላ የሚጽፉት ሁሉ ስለዚያ ቅጂ ይሁን። በክፍሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ የፋይሉን ስም፣ `gcc --version` ብለው ያገኙትን የኮምፓይለር ቅጂ ቁጥርና ፕሮግራሙን ኮምፓይል ያደረጉበትን ትእዛዝ እንዳለ ይጻፉ።

```
gcc -std=c11 -Wall -Wextra -g -fsanitize=address,undefined marks.c -o marks
```

`-fsanitize=address,undefined` የሚለው አማራጭ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ከተፈቀደለት ሜሞሪ ውጭ ሲጽፍ ወይም ሲያነብ እንዲያስቆመው የሚያደርግ ስለሆነ፣ በሙከራ ጊዜ እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ። ኮምፓይለሩ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ካለም አይደብቁት። ማስጠንቀቂያው የትኛው መስመር ላይ እንደመጣና ለምን እንደተተወ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የንድፍ ውሳኔዎቹን ይምረጡ፣ ቁጥርም ይስጧቸው

ውሳኔ የሚባለው ሌላ አማራጭ የነበረበት ነገር ነው። «ለመደጋገም ሉፕ ተጠቅመናል» ማለት ውሳኔ አይደለም፤ ያለሉፕ አይሠራምና። ለእንደዚህ ዓይነቱ ትንሽ ፕሮግራም ሦስት ውሳኔዎች በቂ ናቸው። እያንዳንዱን ው1፣ ው2፣ ው3 ብለው ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሩ በኋላ ከሙከራውና ከስሕተቱ ጋር ለማያያዝ ያገለግላል። ሙከራዎቹም ሙ1፣ ሙ2፣ ስሕተቶቹም ስ1፣ ስ2 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ከሆነም የፈለጉትን ምልክት ይጠቀሙ፣ አሠራሩ ያው ነው።

በእያንዳንዱ ውሳኔ ሥር አራት ነገር ሊነገር ይገባል፦ ምን እንደተመረጠ፣ ምን እንደተተወ፣ ለዚህ ሥራ ለምን እንደተመረጠና ምን ዋጋ እንዳስከፈለ። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገር ግን የሚታወቁት ስሕተቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚያው ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔያችን መስመሩን ሙሉውን በ`fgets` አንብቦ ከዚያ በ`sscanf` መተንተን ነው። የተተወው አማራጭ `fscanf`ን በቀጥታ ፋይሉ ላይ መጠቀም ነበር። ምክንያቱን «`fgets` የተሻለ ስለሆነ» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ `fscanf` ቁጥር ሲጠብቅ ፊደል ቢያጋጥመው ፊደሉን ሳያነብ እዚያው ይተወዋል፤ ሉፑ ተመልሶ ሲመጣም ያንኑ ፊደል ያገኛል፤ ስለዚህ ሉፑ የሚቆመው የፋይሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። መስመር በመስመር ስናነብ ግን አንድ የተበላሸ መስመር የሚያበላሸው ራሱን ብቻ ነው። የተከፈለው ዋጋ ደግሞ `line` የተባለው አሬይ 128 ባይት ስለሆነ ከ127 ባይት የሚበልጥ መስመር ለሁለት ተቆርጦ እንደ ሁለት መስመር መነበቡ ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ስሙን በስትራክቱ ውስጥ ባለ ቋሚ መጠን አሬይ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በኋላ የምንከተለው ክር ይህ ስለሆነ፣ በሪፖርቱ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባውን አንቀጽ ሙሉውን አስቀምጠዋለሁ።

> ው2። የተማሪው ስም በ`struct student` ውስጥ ባለ 20 ባይት አሬይ ሆኖ ተቀምጧል። ሌላው አማራጭ ስሙን በ`malloc` በተወሰደ ሜሞሪ አስቀምጦ በስትራክቱ ውስጥ ፖይንተሩን ብቻ መያዝ ነበር። ቋሚውን መጠን የመረጥነው አንድ መዝገብ በአንድ የእኩል ምልክት ተገልብጦ እንዲቀመጥ፣ `qsort` መዝገቦቹን እንዳሉ እንዲያዛውርና በመጨረሻም አንድ `free` ብቻ እንዲበቃ ነው። ይህ ውሳኔ ስሙን በ19 ባይት ይገድበዋል፤ ሃያኛው ባይት የስትሪንጉ መዝጊያ ነውና። የገደቡ ውጤት በሙ4 እና በሙ5 ተፈትኗል፤ በስ1 ሥርም ተገልጿል።

የአንቀጹ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አይኖርም። ሙከራው ተካሂዶ ስሕተቱ ከተጻፈ በኋላ ተመልሰው የሚጨምሩት ነው።

ሦስተኛው ውሳኔ መደርደሪያውን ይመለከታል። `qsort`ን ተጠቅመን ሁለት ውጤቶችን የምናወዳድረው አንዱን ከሌላው በመቀነስ ነው፤ ማለትም ማወዳደሪያ ፈንክሽኑ `y->mark - x->mark` ይመልሳል። በዘፈቀደ ኢንቲጀሮች ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ልዩነቱ ከኢንቲጀር መጠን ሊያልፍ ይችላልና። እኛ ጋ ግን ውጤቱ ሲነበብ ከ0 እስከ 100 መሆኑ ስለሚረጋገጥ ልዩነቱ ከ100 አይበልጥም፣ ከ-100ም አያንስም። በሪፖርቱ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ማያያዣ ነው፦ ማወዳደሪያው ትክክል የሚሆነው ማንበቢያው እስከፈተሸ ድረስ ነው። ዋጋው ደግሞ የሲ ስታንዳርድ ውጤታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ተማሪዎች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚወጡ ስለማይወስን፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የታየው ቅደም ተከተል በሌላው ላይ ላይደገም መቻሉ ነው።

ደረጃ 3፦ የሚጠበቀውን ውጤት ከመሞከር በፊት ይጻፉ

የሙከራ ሠንጠረዡን በወረቀት ላይ ያዘጋጁና «የሚጠበቅ» የሚለውን ዓምድ ፕሮግራሙን ሳይነኩ ይሙሉ። ይህን የምለው ለሥርዓት ያህል አይደለም። ፕሮግራሙ ያወጣውን አይቶ «የሚጠበቅ» በሚለው ሥር የገለበጠ ሰው ሙከራው ሁሉ ማለፉ አይቀርም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን ከራሱ ጋር ነው ያወዳደረው።

ሙከራዎቹን ከውሳኔዎቹ ያውጡ። በው2 ሥር «19 ባይት» ካሉ፣ ልክ 19 ባይት የሆነና ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ስም መፈተን ግድ ይሆናል። በው3 ሥር «ከ0 እስከ 100» ካሉ 0፣ 100 እና 101 መፈተን አለባቸው። መሐል ያሉ ቁጥሮችን ደርዘን ጊዜ መሞከር ከእነዚህ ሦስቱ የሚበልጥ ነገር አይነግርም።

እዚህ ላይ የአገራችን ተማሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ሙከራውን በሙሉ `Sara` እና `Hana` በመሳሰሉ በላቲን ፊደል በተጻፉ ስሞች ካካሄድን፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ 19 ባይት ማለት 19 ፊደል ነው፤ ችግርም አይታይም። የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። በመሆኑም 19 ባይት የሚይዘው ስድስት ፊደል ብቻ ነው፤ የሰባተኛው ፊደል መጨረሻ 21ኛው ባይት ላይ ይደርሳል። «አበበ በቀለ» ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ በትክክል 19 ባይት ነው፤ ወሰኑ ላይ የሚቆም ስም ከዚህ የተሻለ አይገኝም። «ወልደሚካኤል» ደግሞ የአባት ስም ሳይጨመርበት ብቻውን 21 ባይት ነው።

የስሙን ባይትና ፊደል በግምት አይጻፉ፤ ቆጥረው ይጻፉ፦

```
$ printf 'ወልደሚካኤል' | wc -c
21
$ printf 'ወልደሚካኤል' | wc -m
7
```

በዚህ ፋንታ `echo` ቢጠቀሙ የመስመር መጨረሻውም ስለሚቆጠር 22 ይወጣል። በዚህ አንድ ባይት ምክንያት ወሰኑን የሳቱ ሪፖርቶች አጋጥመውኛል።

ሠንጠረዡ ይህን ይመስላል፦

| ቁጥር | የገባው | የሚጠበቅ | የተገኘ | ፍርድ |
|---|---|---|---|---|
| ሙ1 | ባዶ ፋይል | `no records` | `no records` | አለፈ |
| ሙ2 | `Sara,0` እና `Hana,100` | አማካይ 50.00 | 50.00 | አለፈ |
| ሙ3 | `Sara,101` | መስመሩ ይጣላል | ተጥሏል | አለፈ |
| ሙ4 | `አበበ በቀለ,70` (19 ባይት) | ይመዘገባል | ተመዝግቧል | አለፈ |
| ሙ5 | ሦስት መስመር፣ ሦስተኛው `ወልደሚካኤል,50` (21 ባይት) | ሦስት ተማሪ፣ አማካይ 70.00 | ሁለት ተማሪ፣ አማካይ 80.00 | ወደቀ |

የወደቀውን ሙከራ ከሠንጠረዡ አያውጡ። የወደቀ ሙከራ የሌለበት፣ ነገር ግን የሚታወቁ ስሕተቶች የተዘረዘሩበት ሪፖርት ራሱን ይቃረናል፤ ስሕተቱ በሙከራ ካልታየ በምን ታወቀ?

ለሙ5 የተመረጡት ቁጥሮችም ታስቦባቸው ነው። ይህን ሙከራ መጀመሪያ ሳዘጋጅ 70፣ 90 እና 80 አድርጌ ነበር። የሦስቱ አማካይ 80 ነው። ሦስተኛው ተማሪ ሲጠፋ የቀሩት የሁለቱ አማካይም 80 ነው። አማካዩን ብቻ አይቼ ሙከራው አልፏል ብዬ ነበር፤ አንድ ተማሪ ከዝርዝሩ መጥፋቱን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ሦስተኛውን ወደ 50 ስቀይረው ትክክለኛው አማካይ 70፣ የፕሮግራሙ ግን 80 ሆነና ልዩነቱ ወጣ። የሙከራ ቁጥር ሲመርጡ «ፕሮግራሙ ቢሳሳት ይህ ቁጥር ይለወጣል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ የማይለወጥ ከሆነ ሌላ ቁጥር ይምረጡ።

የሙከራ ፋይሎቹን ከሪፖርቱ ጋር አያይዘው ያስገቡ፤ በምን እንደተጻፉም ይግለጹ። በዊንዶውስ ኖትፓድ `UTF-8 with BOM` በሚለው አማራጭ የተቀመጠ ፋይል ከመጀመሪያው መስመር በፊት የማይታዩ ሦስት ባይቶች አሉት። እነዚህ ባይቶች ከመጀመሪያው ስም ጋር ስለሚቆጠሩ፣ 19 ባይት የነበረው «አበበ በቀለ» 22 ሆኖ ይጣላል፤ እርስዎ ጋ ያለፈው ሙ4 አራሚው ጋ ይወድቃል። ፋይሉን በ`xxd` ከፍተው መጀመሪያው ላይ `efbb bf` ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን ስሕተት ሌላ ሰው እንዲያየው አድርገው ይጻፉ

የሚታወቅ ስሕተት ገለጻ ግቡ አንድ ነው፦ አራሚው የጻፉትን ብቻ አንብቦ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ስሕተት ማየት መቻል አለበት። በመጀመሪያ ስሕተቱን የሚያሳየውን ትንሹን ፋይልና ስክሪን ላይ የወጣውን እንዳለ ያስቀምጡ።

```
$ cat t5.txt
አበበ በቀለ,70
Sara,90
ወልደሚካኤል,50
$ ./marks t5.txt
line 3: bad record
Sara                  90
አበበ በቀለ   70
average: 80.00
```

ከዚያ የሚታየውን ከምክንያቱ ለይተው ይጻፉ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ኮዱን ሳይሞክሩ የሚገምቱ ተማሪዎች አብዛኞቹ «ስሙ ይቆረጣል» ብለው ይጽፋሉ፤ አሬዩ 20 ባይት ስለሆነ ትርፉ የሚቀር ይመስላቸዋል። ስክሪኑ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ስሙ ተቆርጦ አልታተመም፣ ተማሪው ከነውጤቱ ጠፍቷል። ምክንያቱን ለማግኘት `sscanf` የሚሄድበትን መንገድ ባይት በባይት መከተል ያስፈልጋል። `%19[^,]` ኮማ እስኪያገኝ ድረስ፣ ቢበዛ ግን 19 ባይት ያነባል። በ«ወልደሚካኤል» ላይ ስድስቱን ፊደላት ሙሉ በሙሉ፣ ከ«ል» ደግሞ የመጀመሪያዋን ባይት ብቻ አንብቦ ይቆማል። ቀጥሎ በፎርማቱ ውስጥ ያለው ኮማ ነው፤ በመስመሩ ላይ ያለው ግን የ«ል» ሁለተኛ ባይት ነው። ሁለቱ ስለማይገጥሙ ንባቡ እዚያው ያበቃል፤ `%d` ላይ ሳይደርስ `sscanf` 1 ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም 2 ስላላገኘ መስመሩን የተበላሸ ነው ብሎ ይጥለዋል። መስመሩ ግን ምንም ጉድለት የለበትም።

ይህ ሁሉ በሪፖርቱ ውስጥ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

> ስ1። በኮማው ፊት ያለው ስም ከ19 ባይት ሲበልጥ መስመሩ በሙሉ `bad record` ተብሎ ይጣላል፤ ተማሪው ከዝርዝሩም ከአማካዩም ይጎድላል። በላቲን ፊደል ወሰኑ 19 ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ክፍት ቦታ የሌለው ስም ስድስት ፊደል ሲሆን ይገባል፣ ሰባት ሲሆን ይጣላል (ሙ5)። ምክንያቱ በው2 የተወሰነው የአሬይ መጠንና ከእሱ ጋር የሄደው `%19[^,]` ነው። ማስጠንቀቂያው የሚታተመው በ`stderr` ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ በፋይሉ ውስጥ አይታይም፤ አማካዩ ስሕተት መሆኑን የሚያመለክት ነገርም በፋይሉ ውስጥ አይኖርም። እስኪስተካከል ድረስ ተጠቃሚው የመዝገቡን ብዛት ከፋይሉ መስመሮች ብዛት ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «አንዳንድ ጊዜ» የሚል ቃል የለም። ይህ ቃል በስሕተት ገለጻ ውስጥ ከመጣ ጸሐፊው ወሰኑን ገና አላገኘውም ማለት ነው። ወሰኑን ለማግኘት ፊደል እየጨመሩ መሞከር ይበቃል፤ አንዱ አልፎ ቀጣዩ ሲወድቅ በመካከላቸው ያለው ቁጥር ምክንያቱን ራሱ ይጠቁማል። ስድስት አልፎ ሰባት መውደቁ ብቻውን «18 ባይት ይገባል፣ 21 አይገባም» ስለሚል፣ ወደ 19 ለመድረስ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው፤ እሱንም ሙ4 አሳይቶናል።

ቀጥሎ ለምን እንዳልተስተካከለ ይጻፉ። «ጊዜ ስላልነበረን» እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአንባቢው የሚጠቅመው ግን ማስተካከያው ምን እንደሚነካ ማወቁ ነው። አሬዩን ወደ 64 ማሳደግ ስሕተቱን አያጠፋውም፣ ወሰኑን ወደ 63 ባይት፣ ማለትም ወደ 21 የግዕዝ ፊደል ያርቀዋል። የተማሪውንና የአባቱን ስም ለመያዝ ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሆኖም ገደቡ እንዳለ ነው። በተጨማሪም ቁጥሩ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ በስትራክቱ ውስጥ 20 ተብሎ፣ በፎርማቱ ውስጥ 19 ተብሎ። አንዱ ተቀይሮ ሌላው ቢረሳ ምን እንደሚሆን በሪፖርቱ ውስጥ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ይህን በቅርበት እንየው። ፎርማቱ `%63[^,]` ሆኖ አሬዩ 20 ላይ ቢቀር፣ «ወልደሚካኤል» ከመዝጊያው ባይት ጋር 22 ባይት ስለሆነ ሁለቱ ባይቶች አልፈው `mark` ላይ ይጻፋሉ። ወዲያው ደግሞ `%d` ውጤቱን 50 ብሎ እዚያው ላይ ይጽፍበታል፤ የስሙ የመጨረሻ ባይትም አብሮ ይጠፋል። 50 በአስኪ ሠንጠረዥ የ«2» ቁምፊ ቁጥር ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያለ ሜሞሪ ፍተሻ ኮምፓይል ተደርጎ ሲሠራ፣ በተለመደው 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ስሙ ሲታተም ስድስት ፊደል፣ አንድ የተሰበረ ምልክትና በመጨረሻው ላይ «2» ሆኖ ይወጣል፤ ውጤቱ ግን በትክክል 50 ይላል። በደረጃ 1 ያበራነው የሜሞሪ ፍተሻም ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ብቻውን ሊታመን አይገባም፤ እሱ የሚጠብቀው የስትራክቱን ዳር እንጂ በውስጡ ባሉት ክፍሎች መካከል ያለውን ወሰን አይደለምና። «በሜሞሪ ፍተሻ አልፏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሪፖርት ውስጥ ሲጻፍ ይህ ገደብ አብሮት መጻፍ አለበት።

የቀሩት ስሕተቶች ይህን ያህል ቦታ አይፈልጉም። ስ2፦ ከላይ ባለው የስክሪን ጽሑፍ እንደሚታየው የውጤት ዓምዱ ይዛነፋል። `%-20s` የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ «አበበ በቀለ» ስክሪኑ ላይ ሰባት ቦታ ብቻ ይዞ ሳለ 19 ተብሎ ይቆጠራል፤ አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይሞላለታል። የሚጎዳው መልክን ብቻ ነው፣ ስሌትን አይነካም፤ ይህም በግልጽ መጻፍ አለበት። ስ3፦ `Sara,85x` ያለ ማስጠንቀቂያ 85 ተብሎ ይመዘገባል፤ `%d` ፊደሉ ላይ ሲደርስ ስለሚቆምና ከእሱ በኋላ ምን እንደቀረ የሚፈትሽ ኮድ ስለሌለ ነው። ቅደም ተከተላቸውን በሚያደርሱት ጉዳት መጠን ያድርጉ። የተሳሳተ አማካይ የሚያወጣው ከተዛነፈ ዓምድ በፊት ይመጣል፣ ምንም እንኳ የተዛነፈው ዓምድ ቀድሞ የታየ ቢሆንም።

ደረጃ 5፦ ክሮቹን ያያይዙ

አሁን ወደ ኋላ ተመልሰው ቁጥሮቹን ያመሳክሩ። እያንዳንዱ ውሳኔ ቢያንስ አንድ ሙከራ ሊኖረው ይገባል። እያንዳንዱ የወደቀ ሙከራ ወደ አንድ ስሕተት፣ እያንዳንዱ ስሕተት ደግሞ ወደ አንድ ውሳኔ ወይም ወደ አንድ የኮድ መስመር ሊመራ ይገባል። በእኛ ምሳሌ ይህን ስናደርግ ሁለት ቀዳዳ ይገኛል። በው1 ሥር «ከ127 ባይት የሚበልጥ መስመር ለሁለት ይቆረጣል» ብለናል፤ የሚፈትነው ሙከራ ግን የለም። በው3 ሥርም እኩል ውጤት ስላላቸው ተማሪዎች ተናግረን አልፈተንነውም። የመጀመሪያውን በሙ6 መፈተን ቀላል ነው፤ 130 ባይት ያለው አንድ መስመር ሰጥቶ ስንት `bad record` እንደሚታተም ማየት ይበቃል። ሁለተኛው ግን በሙከራ ሊረጋገጥ አይችልም። አንድ ጊዜ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ቢወጣ እንኳ ሁልጊዜ እንዲያ እንደሚወጣ የሚያስገድድ ነገር የለምና፣ ስለዚህ በሙከራ ሠንጠረዡ ሳይሆን በውሳኔው ሥር እንደ ገደብ መቅረቱ ትክክል ነው።

ሲጨርሱ ክፍሉን ኮዱን ላላየ የክፍል ጓደኛ ይስጡና ስ1ን ብቻ አንብቦ ስሕተቱን እንዲያወጣው ይጠይቁት። እየጠየቀዎት ከሆነ የጠየቀዎት ነገር ሁሉ ከጽሑፉ የጎደለ ነው።

ሪፖርቱን ሊያስገቡ ሲሉ ስ1ን ማስተካከል ከቻሉም ገለጻውን አይሰርዙት። ከሥሩ ምን እንደተቀየረ ይጻፉ፣ ሙ4ንና ሙ5ን ብቻ ሳይሆን ሙከራዎቹን ሁሉ በአዲሱ ቅጂ ላይ ከሙ1 ጀምረው ይድገሙ፣ የአዲሱንም ወሰን በአንድ ባለ 21 ፊደልና በአንድ ባለ 22 ፊደል ስም ይፈትኑ።